ጄድ ግንድ ላይ የተለጠፈው ጥጥ፦ ጥያቄና መልስ

ለገጣፎ፦ የጄድ ተክሌ ግንድ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር አለ። በአልኮል ጠረግኩት፣ በአስር ቀኑ ተመለሰ።

ሚሊባግ የሚባል ደቃቅ ተባይ ነው። አልኮሉ ሰንፎ አይደለም፤ አልኮል የሚገድለው የነካውን ብቻ ነው። በዚያ ጥጥ ውስጥ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል ሊኖር ይችላል። የሚፈለፈሉት ደግሞ በዓይን የማይታዩ ያህል ደቃቅ ናቸው፤ ቅጠሉ ከግንዱ በሚጣበቅበት ስንጥቅ ይሸጎጣሉ።

እኔ እንዲህ ነው ያደረግኩት። ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል ገዛሁ። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሬ ሁለት ቀን ጠበቅኩ። ከዚያ አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይ ስትወርድ፣ የጆሮ ጥጥ ነክሬ ጨመቅ አደረግኩና ነጩ ነገር ላይ አሳረፍኩት። ወዲያው አልጠረግኩም። ነጭነቱ ጠፍቶ ከስሩ ቡናማ ገላው ሲታይ ነው ያነሳሁት። ጥጡን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፤ እንቁላሉን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዞ ይዞራል። ጠባቡ ስንጥቅ ውስጥ የስቴክኒ ጫፍ ላይ ጥቂት ጥጥ ጠምጥሜ አስገባሁ።

በመጀመሪያው ቀን 23 አገኘሁ። በየሳምንቱ ስደግመው በሁለተኛው 9፣ በሦስተኛው 2። በአራተኛው ምንም የለም፤ ግን ሌላ ሦስት ሳምንት አየሁት። ብርድ ሲሆን እድገታቸው ይዘገያል፤ በክረምት ቶሎ አትተዉት።

ሱሉልታ፦ ቤት ያለ አረቄስ አይሆንም?

አይመከርም። የአረቄ ጥንካሬው ከቤት ቤት ይለያያል። ጄል ሳኒታይዘርም ተዉት፣ ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

ቡራዩ፦ አልኮል ምን ያደርጋል? እኔ በዕቃ ፈሳሽ ሳሙና አጥቤ ጠፍቶልኛል።

ሳሙናም የነካውን ይገድላል፣ ልክ ነዎት። ግን ስንጥቁ ውስጥ ያለው ሰም የተቀባ ስለሆነ ውሃው ተንሸራቶ ያልፈዋል። የዕቃ ሳሙና ሲበዛ ደግሞ የጄዱን ቅጠል ወዝ ያነሳዋል።

ሰበታ፦ የኔ ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ ነው ያለው። አልኮል ልቀባ?

ቆይ እህቴ፣ በጥፍርሽ ጫሪው። ደርቆ እንደ ዱቄት ከተፈረፈረ የውሃ ጨው ሊሆን ይችላል፤ የጉድጓድ ውሃ ለምታጠጡ የተለመደ ነው። ሲጨፈለቅ ከረጠበ ተባይ ነው።

ለገጣፎ፦ ጎኑ ያሉት ንጹህ ይመስላሉ። ልተዋቸው?

በፍጹም። የታመመውን ዛሬውኑ ለይ። ቅጠሉ ከነካካቸው ማሰሮዎች ጀምር። የማሰሮውን ከንፈር ከስር ገልብጠህ እይ፤ ከዚያ የውሃ መውጫ ቀዳዳውን፣ ከዚያ ሳህኑን። ግንዱን የሚወጣ የጉንዳን ሰልፍ ካለ ወደየት እንደሚሄድ ተከተለው። ጉንዳን የሚሊባጉን ጣፋጭ ፈሳሽ ፈልጎ ነው የሚመጣው፤ ከጠላትም ይከላከልለታል።

ግንዱ ንጹህ ሆኖ ተክሉ ከደከመ አፈሩን ከነሥሩ ሳብ አድርገህ አውጣ። በማሰሮውና በአፈሩ መካከል ነጭ ዱቄት ካየህ ሥር ላይ ነው፤ ጥጥ አይደርስበትም። አፈሩን ጣል፣ ሥሩን እጠብ፣ ጥቂት ቀን አድርቀህ በአዲስ አፈር ትከል።

ለገጣፎ፦ አሁን አየሁ። ከጎኑ ያለው አሎ ቬራ ከንፈሩ ስር ሁለት አለው። ጄዱ ግን ቅጠሉን ማርገፍ ጀምሯል።

ሁለቱንም ተባዮች አልኮል አስነካቸው፣ አሎውንም ለየው። የጄዱ ቅጠል ከተባዩ ይሁን ከውሃ ብዛት ሳላየው አልፈርድም። ሥሩን አውጥተህ ፎቶ ላክልኝ።