በየጠዋቱ አንድ የምስጋና ስንኝ ስለ መጻፍ

ጥያቄ፦ መምህር፣ በየጠዋቱ ከጸሎት በኋላ ለእግዚአብሔር አንድ አጭር የምስጋና ግጥም በማስታወሻ ደብተር ላይ መጻፍ እፈልጋለሁ። ግጥም ጽፌ አላውቅም፣ ግዕዝም አልችልም። ይህን ማድረግ ይፈቀድልኛል? ከፈቀዱልኝስ ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እኅታችን ሆይ፣ ይፈቀድልዎታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች በጻፈው መልእክት በምዕራፍ 5 ላይ ምእመናን በመዝሙርና በመንፈሳዊ ቅኔ በልባቸው ለጌታ እንዲዘምሩ ያዘዘው ለካህናት ብቻ አይደለም። ነገር ግን እርስዎ የሚጽፉት በቤትዎ፣ በአማርኛ፣ ለግል ጸሎትዎ የሚሆን ስንኝ ነው እንጂ በማኅሌት የሚቀርብ ቅኔ አይደለም፤ ለዚያ የቅኔ ቤት አለ። ከቅኔ ቤት የሚወርሱት ግን አንድ ጥሩ ልማድ አለ። ጀማሪ ተማሪ የሚነሣው ሁለት ቤት ብቻ ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ የቆጠረውንም ቅኔ ለመምህሩ አቅርቦ ይታረማል። እርስዎም ከሁለት ስንኝ አይለፉ።

መነሻዎ የራስዎ ስሜት ሳይሆን የዕለቱ መዝሙረ ዳዊት ይሁን። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ ዳዊት በሳምንቱ ቀናት ተከፍሎ ይጸለያል፤ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150፣ እሑድ ደግሞ የነቢያት ጸሎት ነው። የዕለቱን ድርሻ ሁሉ ማድረስ ካልቻሉ ከዚያው ድርሻ አንድ መዝሙር ይጸልዩ፤ ጸሎቱን ፈጽመው ከተቀመጡ በኋላ ከመዝሙሩ አንድ ቁጥር ብቻ መርጠው በደብተርዎ ላይ እንዳለ ይገልብጡት። ስንኙ የሚወጣው ከዚህ ከተገለበጠው ቁጥር ነው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻው እንከተል። ሰኞ ጠዋት መዝሙር 3ን ጸለዩ እንበል፤ በቁጥር 5 ላይ ነቢዩ መተኛቱን፣ ማንቀላፋቱንና እግዚአብሔር ስለ ደገፈው መንቃቱን ይናገራል። ጀማሪ ይህን አንብቦ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው እንዲህ ያለ ነው፦

ጌታ ሆይ አመሰግንሃለሁ ስላሳደርከኝ፣
ሁልጊዜም ከእኔ ጋር ሆነህ ስለጠበቅከኝ።

ሐሳቡ ነቀፋ የለበትም፤ ነገር ግን በማንኛውም ቀን፣ ከማንኛውም መዝሙር በኋላ ሊጻፍ ይችላል። መተኛቱ፣ ማንቀላፋቱ፣ መደገፉ፣ መንቃቱ፣ ነቢዩ ያየው ሁሉ ከስንኙ ጠፍቷል። ቤት መምታቱም የተገኘው ከቃላቱ ሳይሆን ሁለቱም ግሦች በአንድ ዓይነት ቅጥያ ስለሚያልቁ ነው፤ በዚህ መንገድ በቀን መቶ ስንኝ መደርደር አያቅትም። ስለዚህ ወደ ቁጥሩ ተመልሰን፣ የተኛ ሰው ራሱን መጠበቅ እንደማይችልና ሲነቃ መጀመሪያ የሚያደርገው እጁን ለጸሎት መዘርጋት እንደሆነ ብቻ እንያዝ፦

ተኝቼ ሳላውቀው ማን ጠበቀው ደጄን?
አንተ ደግፈኸኝ ዘረጋሁ እጄን።

እዚህ ላይ «ደግፈኸኝ» የሚለው ከራሱ ከመዝሙሩ የተወሰደ ነው፤ ከቁጥሩ ቢያንስ አንድ ቃል በስንኙ ውስጥ መግባት አለበት ብዬ እመክራለሁ። መለኪያው ወል ቤት የሚባለው ነው፤ እያንዳንዱ ስንኝ በመካከሉ ትንሽ ዕረፍት ያለው ሲሆን፣ ከዕረፍቱ በፊትም በኋላም ስድስት ስድስት ምት ይቆጠራል። አቆጣጠሩ በጣት ነው። «ማን ጠበቀው ደጄን» የሚለውን ማን፣ ጠ፣ በ፣ ቀው፣ ደ፣ ጄን ብለው ቢቆጥሩ ስድስት ያገኛሉ፤ የተጻፉት ፊደላት ዘጠኝ ቢሆኑም ሦስቱ ሳድሳን፣ ማለትም ሁለቱ «ን» እና «ው»፣ ከፊታቸው ባለው ፊደል ላይ ስለሚያርፉ ለብቻቸው አይቆጠሩም። ሳድስ ሁሉ ይጣላል ማለት ግን አይደለም፤ በ«እጄን» መጀመሪያ ያለው «እ» ራሱን ችሎ ስለሚነገር ይቆጠራል። ዓይን ሊሳሳት ስለሚችል ሁልጊዜ ድምፅዎን እያሰሙ ይቁጠሩ።

በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ የምፈራው ቤት ለመምታት ሲባል የሃይማኖት ቃል እንዳይለወጥ ነው። በልደት ሰሞን የመጀመሪያውን ስንኝ «ከበረ» ብሎ የጨረሰ ሰው፣ በ«ረ» የሚያልቅ ቃል ሲፈልግ ስለ ወልድ «ተፈጠረ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ቤቱ መታ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ሠለስቱ ምዕት ያወገዙትን የአርዮስን ቃል ሳያስበው ጻፈ። እርስዎ በየጠዋቱ በጸሎተ ሃይማኖት «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» እያሉ ያደርሳሉና፣ ስለ ሥላሴ፣ ስለ ጌታችን ሥጋዌ ወይም ስለ እመቤታችን የጻፉት ቃል በጸሎት መጻሕፍትዎ ውስጥ ካለው አነጋገር የተለየ መስሎ ከታየዎት ቤቱን ያፍርሱት እንጂ ቃሉን አይለውጡ። ቤት የማይመታ ስንኝ ጉዳት የለውም። ለጀማሪ ግን የመጀመሪያዎቹን ወራት እንዲህ ባሉ ምሥጢራት ላይ ሳይጽፉ፣ ዳዊት በሚናገረው በልመናና በምስጋና ብቻ ቢቆዩ ይሻላል።

ሌላው ጥንቃቄ ከጸሎቱ ጋር የተያያዘ ነው። ውዳሴ ማርያም ሲያደርሱ ወይም ዳዊት ሲደግሙ ልብዎ «ይህ ከምን ጋር ቤት ይመታል?» እያለ መፈለግ ከጀመረ ስንኙ ጸሎቱን መብላት ጀምሯል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቁጥሩን ጠዋት ገልብጠው ይተዉና ስንኙን ወደ ሥራ ሲሄዱ በመንገድ ላይ አስበው ማታ ይጻፉት፤ ጸሎቱ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ድረስም በዚሁ ይቆዩ። ስንኝ ያልመጣለት ጠዋት ደግሞ የተገለበጠው ቁጥር ብቻውን ይበቃል። በማግስቱ ሁለት ጽፎ ዕዳ መክፈል አያስፈልግም፤ ይህ ሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ያዘዘው ግዴታ አይደለምና፣ መቅረቱም እንደ ጾም መሻር በንስሐ የሚታይ አይደለም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጠው ይመልከቱ። ስንኞቹ ሁሉ «አመሰግንሃለሁ»፣ «ጠብቀኝ»፣ «ይቅር በለኝ» በሚሉ ተመሳሳይ ቃላት የሚያልቁ ከሆነ ቁጥሩን ትተው ከልማድ እየጻፉ ነው፤ መድኃኒቱ ቁጥሩ ውስጥ የሚታይና የሚዳሰስ ነገር፣ ለምሳሌ ጋሻን፣ ጽዋን፣ መሰማርያን፣ የሚያለቅስ ሰው የሚያርሰውን አልጋ መፈለግ ነው። በዳር ላይ የኢትዮጵያውን ቀንና የመዝሙሩን ቁጥር ቢጽፉ ይህን ለመመርመር ይረዳዎታል። የግል ኃጢአትዎን በዝርዝር በደብተሩ አያስፍሩ፤ የእርሱ ቦታ በንስሐ አባትዎ ፊት ነው።

ስንኞቹን ለሰው ለማንበብ ወይም በሰንበት ትምህርት ቤት ለማቅረብ ቢያስቡ አስቀድመው ለንስሐ አባትዎ ወይም በአጥቢያዎ ላለ የቅኔ መምህር ያሳዩ። መምህሩ አንዱን ስንኝ በእርሳስ ቢሰርዘው ምክንያቱን ይጠይቁትና ከስንኙ ግርጌ ይጻፉት፤ የተሰረዘውንም ገጽ አይቅደዱት።