እስከ ቀጣዩ ደሞዝ ይቆይ

«ሐዋሳ ነኝ፤ በአንድ ሆቴል የሂሳብ ክፍል እሠራለሁ። ተቆራርጦ 9,200 ብር ይደርሰኛል። ኪራይ፣ ምግብ፣ ትራንስፖርትና ለእናቴ የምሰጠው ተደምሮ 7,000 ይሆናል። አንድ የኦዲት ድርጅት በ6,000 ብር ጀማሪ አድርጎ ሊቀጥረኝ ይፈልጋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ይጨምራሉ። መሄድ እፈልጋለሁ፣ ግን ያስቀመጥኩት ምንም የለም። ደሞዝ በገባ ሳምንት ከቴሌግራም ልብስና ጫማ አዝዤ እጨርሰዋለሁ። እናቴም ‹ለሰርጉ ሁሉ ያንኑ ልብስ ስትለብሺ ሰው ምን ይላል› ትለኛለች። ልሂድ ወይስ ማስተርስ ልቀጥል?»

እህቴ፣ እኔ ሂጂ እላለሁ። ኦዲት ላይ በአንድ ዓመት የብዙ ድርጅቶችን መዝገብ ታያለሽ፤ አሁን ባለሽበት የምታዪው የአንዱን ነው። እኔም ከልብስ ሻጭነት ወደዚህ ሥራ የመጣሁት ክፍያዬን ቀንሼ ነው። አንቺን የሚጎድልሽ በወር 1,000፣ በስድስት ወር 6,000 ብር ነው። ከወጪሽ የሚተርፈው 2,200 ስለሆነ፣ በየወሩ 1,500 ብታስቀምጪ በአራት ወር ይሞላል። ስለዚህ ዋናው ጥያቄሽ ይህ 2,200 የት ይሄዳል የሚለው ነው።

በቴሌብርና በባንክ የከፈልሽውን የሦስት ወር ዝርዝር አውጪና ከእያንዳንዱ ዕቃ ጎን «ይህን ባልገዛ ኖሮ በዚያ ወር ምን ይቆምብኝ ነበር?» ብለሽ መልሱን ጻፊ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕቃውን በሙሉ ወይ አስፈላጊ ወይ ቅንጦት ብሎ ሲፈርጅ ነው። የሥራ ጫማሽ ሶሉ ተላቀቀ እንበል። ጫማ ያስፈልግሻል። ለሥራ የሚሆነው ጥቁር ጫማ 1,500 ቢሆንና አንቺ ያየሽው 3,200 ቢሆን፣ 1,500ው ፍላጎት ሳይሆን ግዴታ ነው፤ የቀረው 1,700 ግን ያማረሽ ነው። ገንዘብሽን የሚጨርሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህ በግዴታ ስም ተጠግቶ የሚገባው ክፍል ነው።

ለአማረሽ ነገር ቀጠሮ ስጪ። ከ300 ብር በታች ከሆነ ከቁጠባው በኋላ ከቀረችሽ 700 ብር ላይ ማንንም ሳትጠይቂ ግዢ። ከ300 እስከ 1,000 ሦስት ሌሊት ይደር። ከዚያ በላይ ያለው የሚቀጥለው ደሞዝ ከገባ ከሳምንት በኋላ ይታይ። ሳምንት የጨመርኩት ደሞዝ የገባ ዕለት ሁሉም ነገር የሚቻል ስለሚመስል ነው፤ ቀጠሮው በዚያ ቀን ካለቀ አልጠቀመሽም። ዕቃውን፣ ዋጋውንና ቀኑን ደብተር ላይ ጻፊና ቻናሉን ድምፁን አጥፊው።

በሱቅ ቆይታዬ ያየሁትን ልንገርሽ። «አንድ ፍሬ ብቻ ቀርቷል» የሚባለው እንዳታስቢበት ነው። «ቀብድ ጣይና ላስቀምጥልሽ» ደግሞ ከዚያ ይብሳል፤ ጥቂት ብር የከፈለ ሰው ሐሳቡን ለመቀየር ይከብደዋል፣ ሻጩም ያውቀዋል። ስለዚህ ቀጠሮ ላይ ላለ ዕቃ ቀብድ አይከፈልም። እንደ ቴሌብር መላ ያለ ብድርም አይነካም፤ ደሞዙን ሳትጠብቂ ስለሚያስገዛሽ ቀጠሮውን ያፈርሰዋል።

«ነገ ይጨምራል» ትይኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ ይጨምራል። ለጤፍና ለዘይት ቀጠሮ አያስፈልግም፣ አቅም ካለሽ ቀድመሽ ግዢ። የቀሚስ ዋጋ ቢጨምር ግን ያላወጣሽው ብር አልጠፋብሽም።

በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ክፈቺ። አብዛኛው ዕቃ ከነአካቴው ትዝ ካላለሽ ዘዴው ሠርቷል ማለት ነው። ሁሉንም ጠብቀሽ ሁሉንም ከገዛሽ ግን መጠበቁ ፈቃድ ሆኖልሻል፤ ያን ጊዜ በወር ከዝርዝሩ አንድ ብቻ ምረጪ። ከ300 በታች የሆኑትንም ደምሪያቸው፤ በ290 ብር የሚገዙ አራት ነገሮች 700ውን ያልፋሉ።

1,500ውን ደሞዝ በገባበት ዕለት ከስልክሽ ጋር ወዳልተያያዘ የባንክ ሒሳብ አስተላልፊው። ዕቁብ ብትገቢም ይሆናል፣ ግን ዕጣው ሥራ ከምትቀይሪበት ወር በፊት እንዲደርስሽ ከዳኛው ጋር ቀድመሽ ተነጋገሪ።

እናትሽን በተመለከተ፣ በግልጽ ልበልሽ፣ ተሳስተዋል። ሰርግ ላይ ያየሽ ሰው ኪራይሽን አይከፍልልሽም። የምትሰጫቸውን አትቀንሺ፤ ለሰርግ ግን በዓመት አንድ ልብስ እንደምትገዢ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ በየግብዣው ዋዜማ አትከራከሪ።

ማስተርሱ ይቆይ፤ ኦዲት ላይ ዓመት ከሠራሽ በኋላ የትኛውን ዘርፍ እንደምትመርጪ ታውቂያለሽ። ከመፈረምሽ በፊት ግን ከስድስት ወር በኋላ የሚጨመረው ምን ያህል እንደሆነ በውሉ ላይ በቁጥር ይጻፍልሽ፤ በቃል ብቻ ከሆነ የምታስቀምጪው 6,000 አይበቃም፣ የአራት ወሩን ቁጠባ ወደ ስምንት ወር አራዝሚው።