አንድ ጤና በሁለት ላቲን

ጥያቄ፦ የምኖረው ጅማ ነው። አብሮ አደጌ ጠዋት ጠዋት «xeenaa yisxilliny, indamin addarsh?» ብላ ትጽፍልኛለች። አዲስ አበባ ያለችው የአክስቴ ልጅ ደግሞ «tena yistilign, endemn adersh?» ትለኛለች። ሁለቱም አማርኛ ነው። በላቲን ልመልስ ወይስ በፊደል? በላቲን ብመልስስ አማርኛን በደልኩ?

መልስ፦ ለሁለቱም መጀመሪያ በፊደል ይመልሱላቸው። ወደ ላቲን መሄድ ግድ ከሆነ ግን ለሁለቱ አንድ ዓይነት ላቲን አይሆንም። ሁለቱም የላቲን ሆሄ ይጠቀሙ እንጂ የሆሄዎቹ ድምፅ በሁለቱ እጅ አንድ አይደለም፤ ዋናው ነገር እሱ ነው።

አብሮ አደግዎ በቁቤ የተማረች መሆኗን ከመጀመሪያዋ ሆሄ ማወቅ ይቻላል። አፋን ኦሮሞ ከ1984 ዓ.ም ጀምሮ በይፋ የሚጻፍበት ቁቤ x ን ለጠ፣ c ን ለጨ፣ q ን ለቀ መድቧቸዋል። የጠበቀ ድምፅ ሆሄው ተደግሞ ይጻፋል፤ ረጅም አናባቢም እንዲሁ። አማርኛ አናባቢን በርዝመት ስለማይለይ፣ ቁቤ የለመደ እጅ ይህን የርዝመት ምልክት ለሌላ ሥራ ያውለዋል፦ ግእዙን በአንድ a፣ ራብዑን በሁለት aa ይጽፋል። ስለዚህ ሰላም salaam ይሆናል፣ ጤና xeenaa ይሆናል። በቃል መነሻ ያለው አ ብቻ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ a ይቀራል፤ addarsh እንዳለችው።

የአክስትዎ ልጅ ላቲን ግን ከእንግሊዝኛ ትምህርት በዘልማድ የተወሰደ ነው። ኝን የጻፈችበት gn እንኳ የእንግሊዝኛ አይደለም፤ gn ን ኝ ብለው የሚያነቡት ጣልያንኛና ፈረንሳይኛ ናቸው። መልእክቷን ቀረብ ብለው ይዩት። አራት e አሉበት። በ tena ውስጥ ያለችው e ኃምስ ናት፤ ጤ። የ endemn የመጀመሪያዋ e ሳድስ ናት፤ እ። ሁለተኛዋ ግእዝ ናት፤ ደ። በ adersh ያለችውም ግእዝ ናት። አንዲት ሆሄ የሦስት አናባቢ ሸክም ተሸክማለች። t ም እንዲሁ ተን እና ጠን ደርባ ይዛለች።

ሰላምታ ላይ ይህ አይጎዳም፤ ሰላምታን ሁሉም በቃሉ ስለሚያውቀው ዓይን ሳይሆን ልማድ ያነበዋል። ችግሩ ከሰላምታው ቀጥሎ ያለው ዓረፍተ ነገር ላይ ይመጣል። የአክስትዎ ልጅ «metash?» ብላ ብትጽፍ መጣሽ ወይ ማለቷ ነው ወይስ መታሽ ወይ? አንዱ ደስ የሚል ጥያቄ ነው፣ ሌላው የክስ ቃል ነው። አብሮ አደግዎ ብትጽፈው የፊተኛው maxxaash፣ የኋለኛው mattaash ስለሚሆን አይምታታም። እንግዲህ የአማርኛን ድምፅ በመጠበቅ ረገድ ከሁለቱ ላቲኖች የጅማው ይሻላል። ይህን ስጽፍ ደስ እያለኝ አይደለም፤ ማስረጃው ግን ይኸው ነው።

ሦስተኛም አለ። በኮምፒውተር አማርኛ በድምፅ በሚጻፍባቸው የቆዩ ኪቦርዶች ውስጥ x የሽ ቁልፍ ናት፣ c ደግሞ የች። ስለዚህ xeenaa ን እንዳለ በእንዲህ ዓይነቱ ኪቦርድ የሚመታ ሰው ከጠ ሳይሆን ከሸ ቤት የሚጀምር ቃል ያገኛል። ላቲን አንድ መስሎ ሦስት መሆኑን ያላወቀ ሰው ጥፋቱን በጓደኛው አጻጻፍ ላይ ያላክካል።

አሁን ወደ ክርክሩ ልምጣ። «ሰላምታ በመጣበት ፊደል ይመለሳል፤ ጨዋነቱ ይህ ነው» የሚሉ አሉ። አልስማማም። ሰላምታ የሚመለሰው በመጣበት ቋንቋ ነው፤ ፊደሉ ቋንቋውን ተከትሎ ይመጣል። ጅማ ላይ ይህን መለየት የግድ ነው፤ ምክንያቱም በላቲን የመጣ ሁሉ አንድ አይደለም። «Akkam bulte?» ተብሎ ከተጻፈልዎ ላቲኑ የቋንቋው የራሱ መጻፊያ ነው። «Nagaa, ati akkam bulte?» ብለው በቁቤ ይመልሱ፤ ለታላቅ ሰው ከሆነ «isin akkam bultan?» ይበሉ። ይህን ሰላምታ በእኛ ፊደል ብንጽፈው የ kk ጥብቀት እና የ aa ርዝመት አብረው ይጠፋሉ። የአማርኛ ሰላምታ በላቲን ሲመጣ ግን ላቲኑ የቃሉ ማረፊያ እንጂ ቤቱ አይደለም።

ተከራካሪዬ «ቤት ይለወጣል» ቢለኝ ግን ልክ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ የተረጎመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው በግእዝ ፊደል ነበር፤ ቋንቋው ዛሬ በቁቤ ይጻፋል። አማርኛ ግን እንዲህ ያለ ውሳኔ አልወሰነም፤ በላቲን የሚጻፈው በአብዛኛው በስልክ ላይ ነው፣ እሱም ወጥ አጻጻፍ ሳይኖረው።

ፊደሉን የምመርጥበት ሌላም ምክንያት አለኝ፦ የቃሉ ዘር በፊደሉ ውስጥ ይታያል። አደረ ከግእዙ ኀደረ የመጣ ነው፤ መኖር፣ ማደር ማለት ነው። መጽሐፍ የሚያድርበት ማኅደርም ከዚሁ ነው። ዋለ የመጣው ከወዐለ ነው፣ መሸ ከመስየ፤ በመሸ ውስጥ ያለው ሸ የስ እና የየ ውሕደት ነው። ጤና ደግሞ ከጥዒና ወርዷል፤ ዐ ስትጠፋ አናባቢዎቹ ተዋሕደው ጤ ሆኑ። ይስጥልኝ ሰጪውን ሳይጠራ «ጤናን ይስጥልኝ» የሚል ምርቃት ነው፤ በ ልኝ ውስጥ ያለችው ል «ለእኔ ሲል» የምትለዋ ናት። አፋን ኦሮሞም በዚሁ መንገድ ይጠይቃል፤ bul ማደር ነው፣ ool መዋል ነው። ለአንድ ጅማ ነዋሪ ሁለቱ ሰላምታዎች በቃል የተለያዩ ሆነው በሐሳብ ጎረቤት ናቸው። እኔ ደህናን ደኅና ብዬ የምጽፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዘሩ ድኅነ ነው፣ ዳነ ከማለት። ሕዝቡ ደህና ብሎ ጨርሷል፤ አውቃለሁ። በኅ መጻፉን ግን አልተውም።

አሁን ወደ ተግባሩ። ማንበብ እና መምታት ሁለት ችሎታ ናቸው። በላቲን የሚጽፍ ሰው ፊደል አያነብም ብለው አይደምድሙ፤ ብዙው ያነባል፣ ኪቦርዱን ስላልጫነ ወይም ስላልለመደው ብቻ በላቲን ይመታል። ስለዚህ «ደኅና ነኝ፤ አንቺስ እንደምን አደርሽ?» ብለው በፊደል ይላኩ፣ ከዚያ የሚመጣውን ይዩ። በፊደል ከመለሰች አለቀ። በላቲን መልሳ ግን መልሷ ለጠየቋት የሚገጥም ከሆነ አንብባዋለች፤ እርስዎ በፊደል፣ እሷ በላቲን መቀጠል ትችላላችሁ፣ ነውር የለበትም። «ምን አልሽ?» ካለች ወይም ባዶ ሳጥን ብቻ እንደሚታያት ከነገረችዎ፣ ያኔ ወደ ላቲን ይመለሱ። ሳጥኑ የሚታየው በስልኳ ላይ የግእዝ ፎንት ስለሌለ ነው፤ ስልኩ አሮጌ ከሆነ ይህ ያጋጥማል።

በተራ የስልክ መልእክት የሚጽፉ ከሆነ አንድ ሒሳብ ይግባዎት። ተራ መልእክት በላቲን 160 ሆሄ ይይዛል። አንዲት የፊደል ሆሄ ብቻ ከገባችበት ሙሉ መልእክቱ ወደ 70 ሆሄ ይወርዳል፤ ከዚያ ካለፈ በሁለት መልእክት ይሄዳል። ብዙዎች በላቲን መጻፍ የጀመሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኪሳራው ግን የሚመስለውን ያህል አይደለም፤ ፊደላችን ተነባቢውን ከነአናባቢው በአንድ ሆሄ ይጽፋል። የእርስዎን ሰላምታ ቆጥሬዋለሁ። «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደርሽ?» ክፍተቱንና ሥርዓተ ነጥቡን ጨምሮ 21 ነው። የአክስትዎ ልጅ አጻጻፍ 30፣ የአብሮ አደግዎ 35 ነው። በዚህ ልክ ከሄድን 70 የፊደል ሆሄ በመጀመሪያዋ ላቲን 100፣ በሁለተኛዋ 117 ያህል የሚወስደውን ነገር ይይዛል። በቴሌግራም እና በመሰሎቹ ደግሞ ይህ የ70 ገደብ የለም።

በፊደል ላይ የሚነሳውን እውነተኛ ነቀፋም ልናገር። ፊደላችን ጥብቀትን አያሳይም። አብሮ አደግዎ «መቼ ነው የምትመጪው?» ብላ እርስዎ «ገና ነው» ብለው ቢመልሱ፣ «ና» ከላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፣ ከጠበቀ በበዓሉ እመጣለሁ ማለት ነው። ሲጽፉት አንድ ነው። በቁቤ አጻጻፍ ግን ganaa እና gannaa ተለይተው ይታያሉ። የጥብቀት ምልክት የሆኑት ከሆሄው በላይ የሚቀመጡ ነጥቦች በሰዋስው መጻሕፍት አሉ፣ በዩኒኮድም ቦታ አላቸው፤ በስልክ ኪቦርድ ላይ ግን ብዙ ሰው አያገኛቸውም። መፍትሔው ላቲን ሳይሆን አንድ ቃል መጨመር ነው፦ «ገና ነኝ፣ አልተነሣሁም» ወይም «ለገና በዓል»። ቁቤም ቢሆን ሁሉን አያሳይም። ny፣ sh እና ch ባለ ሁለት ሆሄ ስለሆኑ ሲጠብቁ አይደገሙም፤ በ yisxilliny ውስጥ የል ጥብቀት ሲታይ የኝ የማይታየው ለዚህ ነው።

ላቲን ግድ የሆነ ቀን በተቀባይዋ አጻጻፍ ይጻፉ። ለአብሮ አደግዎ «dahnaa nany, anchiis?» ለአክስትዎ ልጅ «dehna negn, anchis?» ይሁን። በአንድ መልእክት ውስጥ x ን አንዴ ለጠ፣ አንዴ ለሽ አያድርጉ፤ c ንም እንዲሁ። ለአክስትዎ ልጅ ሲጽፉ t ወይም k ትርጉም ሊያስቱ የሚችሉበት ቃል ካለ ቃሉን ይቀይሩት፤ metash ከማለት «deresh?» ማለት ይቀላል።