ሬንደሩ ለምን እንደሚረዝም ለደንበኛ ስትጽፉ

ባሕር ዳር ላይ የአኒሜሽን ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች፣

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ደብዳቤ ነው። ደንበኛው በቀላል አኒሜሽን ከተስማማ በኋላ ሐሳቡን ይቀይርና «በካሜራ የተቀረጸ እንዲመስል እፈልጋለሁ» ይላል። ዋጋውና የማስረከቢያው ቀን ግን እንደነበረ እንዲቀጥል ይጠብቃል። ብዙዎቻችሁ ደንበኛው እንዳይሄድባችሁ ፈርታችሁ «እሺ፣ ችግር የለም» ትላላችሁ። እባካችሁ አትበሉ። ሥራውን ሳትነኩ ቁጭ ብላችሁ ጻፉለት።

አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ጣና ዳር ሎጅ የሚያሠሩ ሰው አሉ እንበል። ሕንጻው ገና ስላላለቀ የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ በአኒሜሽን ይፈልጋሉ። በሰከንድ 25 ፍሬም ስንቆጥር 750 ምስል ይሆናል። በመጀመሪያው ውል አንዱ ፍሬም 4 ደቂቃ ይፈጃል ተብሎ ነበር፣ ስለዚህ ሬንደሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ምስሎቹን አስልቶ የሚያወጣበት ጊዜ፣ በጠቅላላው 50 ሰዓት ነው። አሁን ግን የጠዋት ፀሐይ ያረፈበት ውሃ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ደንገልና በመሃሉ የምታልፍ ታንኳ ተጠየቀ።

ከመጻፋችሁ በፊት ለኩ። የመጀመሪያውን ፍሬም ሬንደር አድርጋችሁ በ750 አታባዙ። የመጀመሪያው ፍሬም ብዙ ጊዜ ሰማይ ነው፣ ሰማይ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ከየሾቱ በጣም ከባዱን ፍሬም ፈልጉ። እዚህ ታንኳዋ ከደንገሉ ጥላ ሥር ስትወጣ ያለው ፍሬም ነው። እሱን ከለካችሁ፣ ግምታችሁ ቢሳሳት እንኳ ለእናንተ በሚመች በኩል ይሳሳታል።

አንድ ፍሬም ብቻውን ግን ያታልላል። ኮምፒውተሩ ብርሃንን የሚያሰላው ጨረሮችን በዘፈቀደ እየላከ ነው። ጨረሩ ሲያንስ ምስሉ ላይ አሸዋ የተበተነ የሚመስል ኖይዝ ይቀራል። ኖይዙን በግማሽ ለመቀነስ ሳምፕሉን፣ ማለትም ለአንድ ፒክስል የሚላኩትን ጨረሮች ብዛት፣ አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ሰዓቱም አብሮት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። «ኖይዙን የሚያጠፋ ዲኖይዘር አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ለቆመ ምስል ግሩም ነው። በአኒሜሽን ግን ሳምፕሉ ካነሰው እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻው ይገምታል፤ ሲጫወት ጥላው ውስጥ ያለው ነገር የሚፈላ ይመስላል። ስለዚህ ቢያንስ 25 ተከታታይ ፍሬም አውጡና እየደጋገማችሁ አጫውቱት። ዓይናችሁን ከታንኳዋ ላይ አንሱና የደንገሉን ጫፍ እዩ። የደንገል ፀጉር ከሩቅ ሲታይ ከአንድ ፒክስል ይቀጥናል። ሳምፕሉ ካልበቃው በአንዱ ፍሬም ይታያል፣ በሚቀጥለው ይጠፋል። ደንበኛው የቴክኒኩን ስም ባያውቅም «ምንድን ነው የሚብለጨለጨው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ውሃው ሌላ ጣጣ አለው። ክረምት ላይ ጊልገል ዓባይ፣ ጉማራና ርብ አፈር ይዘው ስለሚገቡ ጣና ይደፈርሳል። ብርሃኑ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ከደለሉ ጋር እየተጋጨ ይበተናል፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ ይመለሳል። ይህን በእውነት ማስላት እጅግ ውድ ነው። ሰማያዊ ቀለም ቀብታችሁ ካለፋችሁት ደግሞ የባሕር ዳር ሰው ገና ሲያየው «ይሄ ጣና አይደለም» ይላል።

መለኪያው ካለቀ በኋላ ደብዳቤው አጭር ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ይድረስ ለተከበሩ ደንበኛችን፣

ጤና ይስጥልኝ። የጠየቁትን ለውጥ በሙከራ አይተነዋል። ከደብዳቤው ጋር ሁለት አጫጭር ቪዲዮዎች ልከንልዎታል፤ አንዱ በድሮው አሠራር፣ ሌላው አሁን በፈለጉት መልክ የተሠራ ነው። እባክዎ ደንገሉንና ውሃውን ያስተያዩ።

በአዲሱ መልክ ከላይ የሚታየው የሎጁ ሾት 250 ፍሬም ሲሆን እያንዳንዱ 12 ደቂቃ ይወስዳል፣ በድምሩ 50 ሰዓት። የታንኳዋ ሾት 300 ፍሬም ነው፣ በ40 ደቂቃ ሲሰላ 200 ሰዓት ይሆናል። ከመኝታ ክፍሉ ወደ ሐይቁ የሚያሳየው 200 ፍሬም በ24 ደቂቃ 80 ሰዓት ይፈጃል። ሁሉም 330 ሰዓት ነው። ለእርማትና ለድጋሚ ሬንደር ሲሶውን ጨምረን 440 ሰዓት ይዘናል። አንድ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ቢሠራ ከ18 ቀን በላይ ነው።

ሦስት መንገድ አለ። ሙሉውን እንዳሰቡት እንሥራ ካሉ፣ አዲሱ ዋጋና ቀን ከዚህ ጋር ተያይዟል። ቀኑ የሚጠብብዎ ከሆነ ሁለተኛ ኮምፒውተር እንከራያለን፤ ጊዜው በግማሽ ያጥራል፣ የኪራዩ ወጪ ግን ይጨመራል። በጀቱ የማይጨመር ከሆነ ደግሞ የታንኳዋን ሾት ከ12 ወደ 6 ሰከንድ እናሳጥራለን፤ የተረፈውን 6 ሰከንድ ሎጁን ከላይ በሚያሳየው ሾት እንሞላዋለን። የመረጡትን በጽሑፍ ሲያሳውቁን ሥራውን እንጀምራለን።»

ሦስተኛውን መንገድ ልብ በሉ። 150 ፍሬም በ40 ደቂቃ 100 ሰዓት ነበር፣ በ12 ደቂቃ ሲተካ 30 ሰዓት ይሆናል። 330 የነበረው ወደ 260 ወረደ፣ ማስታወቂያው ግን አሁንም 30 ሰከንድ ነው። ጥራት እንቀንስ ብላችሁ አታቅርቡ፤ ደንበኛው የማያየውን ነገር ፈርሞ፣ ሲያየው ይጣላችኋል። የሾት ርዝመት ግን ማንም ይገባዋል።

ደብዳቤው ላይ የማይጻፍ፣ እናንተ ግን በጓዳ የምትቀንሱት ነገር አለ። ውሃ ከሩቅ፣ ዝቅ ካለ ካሜራ ሲታይ የሚጎላው የሰማይ ነጸብራቁ ነው። እዚያ ቡናማ ቀለምና ጥሩ ነጸብራቅ ይበቃል። ደለል ያለበትን እውነተኛ ውሃ ታንኳዋ አጠገብ ብቻ አስቀምጡ፣ ምክንያቱም ካሜራው ቁልቁል የሚያየው እዚያ ነው። ይህን ለሰዓት ግምቱ መጠባበቂያ አድርጋችሁ ያዙት፣ አስቀድማችሁ ቃል አትግቡበት።

የመብራት ነገር ዋጋው ውስጥ ይግባ። መብራት ሲሄድ ዩፒኤስ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለመዝጋት የሚበቃ ጊዜ ይሰጣል እንጂ ሬንደር አያስጨርስም። ጀነሬተር ካላችሁ ነዳጁን በሰዓት አስሉና በማሽን ሰዓት ዋጋችሁ ላይ ደምሩት። ሬንደራችሁን በቀጥታ ወደ mp4 አታውጡ። እያንዳንዱን ፍሬም ለየብቻው በ EXR አስቀምጡ። መብራት ሌሊት ቢጠፋ የሚጠፋባችሁ የተጀመረው አንድ ፍሬም ብቻ ነው፣ ጠዋት ካቆመበት ትቀጥላላችሁ።

መልሱ መጥቶ ቀብዱ ሲገባ ወዲያው ወደ 750ው ፍሬም አትሩጡ። ከየሾቱ አንድ የተጣራ ምስል ላኩላቸውና ቀለሙን፣ ብርሃኑን፣ የሎጁን ግድግዳ ያጽድቁ። ካሜራው የሚሄድበትን ደግሞ ያለ ብርሃንና ያለ ቀለም፣ በግራጫ ሞዴል አሳዩአቸው፤ እሱ በደቂቃዎች ይወጣል። «መስኮቱ ወደ ግራ ይሁን» የሚባለው እዚህ ላይ ከተባለ ወጪው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። የመኝታ ክፍሉ ሾት ካለቀ በኋላ ከተባለ 80 ሰዓት እንደገና ይጀመራል፣ ያ ደግሞ ለእርማት ከያዛችሁት 110 ሰዓት አብዛኛውን ይበላዋል። ስለዚህ ከጸደቀ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ለብቻው እንደሚከፈል ውሉ ላይ አስፍሩ።