ብዙ ስልክ፣ አንድ ጥቅል፦ ስለ ክላውድ ማከማቻ የጠየቃችሁኝ

«ቤተሰባችን አምስት ነው። ባለቤቴ ሳምሰንግ፣ እኔና ሁለቱ ልጆቼ አይፎን፣ እናቴ ደግሞ ታብሌት እንጠቀማለን። የመጀመሪያው ልጄ ከተወለደ ጀምሮ ያነሳናቸው ፎቶግራፎች 420 ጊጋባይት ሆነው ላፕቶፕ ላይ ተቀምጠዋል፤ በስልኮቻችን ላይ ሌላ 400 ያህል አለ። የጉግል፣ የአፕል ወይስ የማይክሮሶፍት ይሻለናል?»
— እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ድምሩ 820 ጊጋባይት ስለሆነ 200 ጊጋባይት የሚሰጡት ርካሽ ጥቅሎች ከወዲሁ ከጨዋታ ውጭ ናቸው። በአሜሪካ ዋጋ የጉግል ባለ 2 ቴራባይት ጥቅል በዓመት 100 ዶላር ገደማ ነው። የአፕሉ በወር 9.99 ስለሚከፈልበት በዓመት 120 ገደማ ይደርሳል። የማይክሮሶፍት 365 የቤተሰብ ጥቅል ደግሞ 130 ዶላር ገደማ ነው። ሦስቱም እስከ ስድስት ሰው ይይዛሉ።

ማይክሮሶፍት 6 ቴራባይት ብሎ ሲያስተዋውቅ ብዙ ሰው ይማረካል፤ በዋጋው ሲታይም እውነትም ብዙ ነው። ነገር ግን ያ ቦታ የጋራ ጎተራ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሰው 1 ቴራባይት ተከፍሎ የተሰጠ ነው። የላፕቶፑ 420 ጊጋባይት በእርስዎ አካውንት ይገባል እንበል፤ የራስዎ ስልክ 190 ቢጨምርበት 610 ሆነ። በየዓመቱ 100 ጊጋባይት ብታነሱ በአራት ዓመት ውስጥ የእርስዎ ድርሻ ጢም ይላል፤ የእናትዎ 1 ቴራባይት ግን ባዶውን ይቀመጣል፣ መዋስም አይቻልም። የጉግልና የአፕል 2 ቴራባይት ግን ለሁሉም በአንድነት የሚቀነስ ነው። ቤተሰቡ ዎርድና ኤክሴል የሚፈልግ ከሆነ የማይክሮሶፍቱ ዋጋ ያዋጣል፤ ለፎቶግራፍ ብቻ ከሆነ ግን እኔ አልገዛውም።

ከጉግልና ከአፕል መካከል የሚለየው የባለቤትዎ ሳምሰንግ ነው። የአፕሉ ማከማቻ አይክላውድ እንደ ሳምሰንግ ባለ አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚከፈተው በድረ ገጽ በኩል ብቻ ነው፤ ባለቤትዎ ያነሳቸው ፎቶግራፎች በራሳቸው አይጫኑለትም። ስለዚህ ለእናንተ የሚስማማው የጉግሉ ነው። አንዱ የሌላውን ፎቶግራፍ ያይ ይሆን ብላችሁ አትስጉ፤ ቦታው እንጂ ይዘቱ አይጋራም።

አንድ ነገር ይቀራል። የአይፎን ሙሉ መጠባበቂያ፣ ማለትም መልእክቶችና የስልኩ ቅንብር፣ በክላውድ የሚቀመጠው አይክላውድ ላይ ነው፤ አፕል በነጻ የሚሰጠው 5 ጊጋባይት ደግሞ ለዚህ አይበቃም። በወር 0.99 ዶላር የሚከፈልበትን 50 ጊጋባይት ወስደው ከልጆችዎ ጋር ይጋሩት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአይፎኑ የ`iCloud Photos` አገልግሎት ሲጠፋ የስልኩ መጠባበቂያ ፎቶግራፎቹን በሙሉ አብሮ ሊወስድ ይሞክራል፤ 50 ጊጋባይቱም በአንድ ሌሊት ይሞላል። በመጠባበቂያው ዝርዝር ውስጥ `Photo Library` የሚለውን ያጥፉት። ልጆችዎም የጉግል ፎቶ መተግበሪያውን አልፎ አልፎ ይክፈቱት፤ አይፎን ከበስተጀርባ ያለ ልክ እንዲሠራ አይፈቅድለትም።

«ዱባይ ሆኜ ለጉግል 2 ቴራባይት እከፍላለሁ። አዲስ አበባ ያሉትን እናቴንና አባቴን በዚያው ጥቅል ላስገባቸው እችላለሁ?»
— ልጃቸው

አይቻልም። የጉግል የቤተሰብ ቡድን አባላት ከቡድኑ አስተዳዳሪ ጋር በአንድ አገር እንዲኖሩ ይጠይቃል። በልዩ ልዩ አገር የተበተነ ቤተሰብ ላለን ለእኛ ይህ ደንብ ከዋጋው በላይ ያማል።

መላው ግን ቀላል ነው። የጋራ አልበም ይክፈቱና ወላጆችዎን ይጋብዟቸው። በጋራ አልበም ውስጥ ያለ ፎቶግራፍ የሚቆጠረው በጫነው ሰው ቦታ ላይ ነው፤ እናትዎ የልጅ ልጆቻቸውን ቀኑን ሙሉ ቢያዩ ከነጻው 15 ጊጋባይታቸው አንዲት ባይት አትቀነስም። ፎቶግራፉን በራሳቸው አካውንት ካስቀመጡት ግን ከእሳቸው ይቀነሳል። እሳቸው ያነሱትን ደግሞ በራሳቸው 15 ጊጋባይት ያኑሩ፤ ጥራቱን `Storage saver` ላይ ካደረጉላቸው ረጅም ጊዜ ይበቃቸዋል። ያ ምርጫ ትልልቅ ፎቶግራፎችን ወደ 16 ሜጋፒክስል ያወርዳል፤ በስልክ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አይታወቅም።

«ስልኬ ሞላብኝ። ፎቶዎቹ አይክላውድ ላይም ጉግል ላይም ስላሉ ከስልኩ ላጥፋቸው?»
— ተማሪ፣ ከቴል አቪቭ

በፍጹም! አይክላውድ የፎቶግራፎችዎ ሌላ ቅጂ የተቀመጠበት መጋዘን አይደለም፤ ስልኩ ላይ ያለውን የሚከተል ነው። ከስልኩ ያጠፉት ከአይክላውዱም ይጠፋል፤ 30 ቀን ያህል በ`Recently Deleted` ውስጥ ቆይቶ ይወገዳል። ከዚህ የባሰው የጉግል ፎቶ `Free up space` የሚለው ቁልፍ ነው። ቁልፉ ጉግል ላይ የተጫኑትን ከስልኩ ለማጥፋት የተሠራ ነው፤ በአይፎን ላይ `iCloud Photos` በርቶ ሳለ ከተጫኑት ግን ፎቶግራፎቹ ከአይክላውድም፣ ከአይፓድም ይሄዳሉ። ቅጂ የሚቀርልዎት ጉግል ዘንድ ብቻ ነው።

ቦታ ብቻ ከሆነ የፈለጉት `Optimize iPhone Storage` የሚለውን ያብሩ። ዋናው ቅጂ አይክላውድ ላይ ይቀመጥና ስልኩ ላይ አነስተኛው ይቀራል። ቪዲዮ አነሳስዎንም ይመልከቱ። በአይፎን በ4ኬ፣ በሰከንድ 60 ምስል የተነሳ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ 400 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ በ1080፣ በሰከንድ 30 ምስል ከሆነ ግን 60 ሜጋባይት ገደማ ነው። የሃያ ደቂቃ የሠርግ ጭፈራ በመጀመሪያው 8 ጊጋባይት፣ በሁለተኛው 1.2 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው።

«መክፈል ባቆም ፎቶዎቼን ያጠፉብኛል?»
— ከአትላንታ

ወዲያው አያጠፉም። ጉግል አዲስ መጫን ይከለክላል፤ ኢሜይልዎም ከዚያው ቦታ ስለሚቆጠር ደብዳቤ መቀበል ያቆማል። ሰው የሚደነግጠው በዚህኛው ነው። ከተፈቀደው በላይ ሆነው ሁለት ዓመት ካለፈ ሊያጠፋ እንደሚችል አስታውቋል። መውጣት ከፈለጉ ክፍያው ሳይቋረጥ በ`takeout.google.com` ያውርዱት። ፋይሎቹ ተከፋፍለው ይመጣሉ፤ ሁሉም መውረዳቸውን ሳያረጋግጡ ምንም አያጥፉ።

«420 ጊጋባይቱን መጫን ጀመርኩ፤ ከሁለት ቀን በኋላም አላለቀም። ኢንተርኔቴ ፈጣን ነው፣ ምን አጠፋሁ?»
— የመጀመሪያዋ ጠያቂ፣ እንደገና

ምንም አላጠፉም። ኩባንያዎች በትልቁ የሚጽፉት የማውረጃውን ፍጥነት ነው፤ እርስዎ የሚጠቀሙት ግን የመጫኛውን ነው፤ በኬብል መስመር ይህ ብዙ ጊዜ ከማውረጃው እጅግ ያንሳል። በሰከንድ 10 ሜጋቢት ከሆነ 420 ጊጋባይት ያለ ማቋረጥ 93 ሰዓት፣ ወደ አራት ቀን ይፈጃል። ላፕቶፑ እንዳይተኛ ያድርጉ፣ ቻርጀሩን አይንቀሉ፣ ማታ ማታ ይሥራ። ሲያልቅ በሌላ ሰው ኮምፒውተር `photos.google.com` ከፍተው የመጀመሪያውን ዓመትና የመጨረሻውን ይመልከቱ፤ አንድ ረዘም ያለ ቪዲዮም እስከ ፍጻሜው ያጫውቱ። የላፕቶፑን ቅጂ እስከዚያ ድረስ አይንኩት፤ ከዚያም በኋላ ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ገልብጠው ያስቀምጡት እንጂ አይጣሉት።