ወለል የነካው፣ ዝንብ ያረፈበት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የ10 ዓመት ልጄ የተላጠ ማንጎ ሴራሚኩ ላይ ጥሎ «አምስት ሰከንድ አልሞላም» እያለ አንስቶ ይበላዋል። ነገሩ እውነት አለው? (እናት፣ ከሽምብጥ)

መልስ፦ ልጅዎ ሰከንዱን ከሚቆጥር ማንጎውን ቢያይ ይሻለዋል። አሜሪካ የሚገኘው የሩትገርስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሐብሐብ፣ ደረቅ ዳቦ፣ ቅቤ የተቀባ ዳቦና ለስላሳ ከረሜላ ወስደው ባክቴሪያ በተቀባ ብረት፣ ሴራሚክ፣ እንጨትና ምንጣፍ ላይ እየጣሉ ሞክረዋል። ቆይታው ከ1 ሰከንድ በታች፣ 5፣ 30 እና 300 ሰከንድ ነበር። ምግቡ በቆየ ቁጥር የሚይዘው ባክቴሪያ ጨምሯል፤ ስለዚህ ቶሎ ማንሳት ጨርሶ ከንቱ አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰከንድ ሳይሞላም ባክቴሪያ ተላልፏል። ከሁሉም አብልጦ የያዘው ሐብሐቡ፣ ከሁሉም ያነሰው ደግሞ ከረሜላው ነው። ባክቴሪያ ከወለል ወደ ምግብ የሚሻገረው በእርጥበት ስለሆነ፣ የተላጠ ማንጎ የሚመደበው ከሐብሐቡ ጋር ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ወለሉ ላይ ምን ነበር የሚለው ነው። ጠዋት ዓሣ ሲበለት ወይም ዶሮ ሲገነጠል ውኃው የተንጠባጠበበት ቦታ ከሆነ ይጣል። ወለሉ ደርቋል ብለው አይዘናጉ፤ ሳልሞኔላ በደረቀ ሴራሚክ ላይ ለሳምንታት በሕይወት እንደሚቆይ በሙከራ ታይቷል። በንጹሕ ውኃ ማጠብ ቁጥሩን ይቀንሳል እንጂ አይጨርሰውም።

ጥያቄ፦ ምንጣፍ ላይ የወደቀ ደረቅ ዳቦስ? እኔ እፍ ብዬ እበላለሁ። (ከፋሲሎ)

መልስ፦ እፍታህ አቧራውን እንጂ ባክቴሪያውን አያነሳም። ደግነቱ በዚያው ሙከራ ከምንጣፍ ወደ ምግብ የተሻገረው ከሴራሚክና ከብረት ያነሰ ነበር፤ ዳቦውም ደረቅ ነው። ጫማ የማይረግጠው ምንጣፍ ከሆነና ጤነኛ ሰው ከሆንክ እኔ አልከለክልህም።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ቁጭ ብለን የተጠበሰ ቆሮሶ ስንበላ ዝንብ መጥታ አረፈች። ጓደኛዬ «ይጣል» አለ፤ እኔ በላሁ። ማን ልክ ነው? (ተማሪ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ በዚያ ሰዓት አንተ። ዝንብ ጠጣር ነገር ማኘክ አትችልም፤ ምራቋንና ቀድሞ የዋጠችውን እያስመለሰች ምግቡን ታሟሟና ትመጥጣለች፣ እዚያው ላይም ትጸዳዳለች። ለዚህ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋታል። ትኩስ ዓሣ ላይ ለአፍታ አርፋ ከተነሳች የምትተወው በእግሮቿ ፀጉር የያዘችውን ነው፤ ያ ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሰውን አያሳምምም። ግን «ምንም የለውም» አላልኩም። ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣው ሺጌላ ከ100 ባነሱ ባክቴሪያዎችም ሊያሳምም ይችላል። ዝንቧ የመጣችው አጠገቡ ካለ ክፍት ሽንት ቤት ከሆነ የጓደኛህ ሥጋት ሚዛን ይደፋል። እስራኤል ውስጥ በወታደር ካምፖች ዝንብ በወጥመድ ሲቀነስ የሺጌላ ሕሙማን ቁጥር በእጅጉ ወርዶ ነበር።

የከፋው ግን የምሳው ትርፍ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ሳይከደን የቀረ የዓሣ ወጥ ላይ ዝንብ 100 ባክቴሪያ ጣለች እንበል። በባሕር ዳር ሙቀት እርጥብ ምግብ ይመቻቸዋል፤ በየ20 ደቂቃው እጥፍ ከሆኑ ከ4 ሰዓት በኋላ ከ400 ሺህ ያልፋሉ። ሁሉም ዓይነት ይህን ያህል አይፈጥንም፣ መጀመሪያም ጥቂት ይዘገያል፤ አካሄዱ ግን ይኸው ነው። ወጡ ሽታውም ጣዕሙም ሳይቀየር ሊያሳምም ይችላል። የዓሣ ክትፎ ከሆነ ደግሞ እሳት ስለማያገኘው፣ ዝንብ ስትመላለስበት ያየኸውን እንዳትነካው።

ጥያቄ፦ ቤታችን የአፈር ወለል ነው። የአንድ ዓመት የልጅ ልጄ የወደቀ እንጀራ እያነሳ ይበላል። (አያት፣ ከዘጌ)

መልስ፦ እማማ፣ እዚህ ላይ ከባክቴሪያው ይልቅ የሚያሳስበኝ ወስፋት ነው። እንቁላሉ ከሰው ዓይነ ምድር ወጥቶ አፈር ውስጥ ሳምንታት ካሳለፈ በኋላ ነው ወደ ሰው ለመተላለፍ የሚደርሰው፤ ከዚያ በኋላ ዓመታት መቆየት ይችላል። ስለዚህ ዛሬ ግቢው ንጹሕ መምሰሉ ዋስትና አይሆንም። እርጥብ እንጀራ አፈሩን ይዞ ስለሚነሳ ለዶሮዎቹ ይስጡት። ለልጁ ሲያበሉት የታጠበ ሰሌን ወይም ትሪ ከሥሩ ያድርጉለት፤ እጁንም በሳሙና ይታጠብ፣ ወለሉን የሚዳብሰው በእጁ ነውና።

ጥያቄ፦ ዝንብ የገባበትን ወጥ መልሼ ባንተከትከው ይድናል? (ከግሽ ዓባይ)

መልስ፦ ወዲያው ካየሽው አዎ፤ ዝንቧን ከነአካባቢው በማንኪያ አውጪና እስኪንተከተክ አፍይው። ግማሽ ቀን ሳይከደን የዋለ ከሆነ ግን አይሆንም። አንዳንድ ባክቴሪያ ሲራባ መርዝ ያመነጫል፤ ማፍላት ባክቴሪያውን ቢገድልም መርዙ ይቀራል።