የእንቅልፍ አፑ ምን አይቶ ነው እንደዚያ የሚለው?

«ሌሊት ሁለት ሰዓት ያህል ዓይኔ ፈጦ ጣሪያ ሳይ አድራለሁ። ጠዋት የእጅ ሰዓቴን ስከፍተው ግን ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ተኝተሃል ይለኛል። ራሴን ልመን ወይስ ሰዓቱን?»

ራስዎን ይመኑ። ሰዓቱ እንቅልፍን አያይም። የሚያየው የእጅዎን እንቅስቃሴና የልብ ምትዎን ነው። እንቅስቃሴውን የሚይዘው ውስጡ ያለ ትንሽ ሴንሰር ነው። የልብ ምቱን የሚያነበው ደግሞ ከጀርባው በሚበራው አረንጓዴ ብርሃን ነው፤ በቆዳ ሥር ያለው ደም በጨመረና በቀነሰ ቁጥር ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይለያያል። ከዚያ በኋላ ያለው ግምት ነው። እጁ ጸጥ ካለና ልቡ ቀስ ብሎ ከመታ ሰውየው ተኝቷል ይላል። እርስዎ ደግሞ ነቅተው፣ ግን ሳይገላበጡ ጋደም ብለዋል። ሰዓቱ ይህንን ከእንቅልፍ የሚለይበት ብዙ ነገር የለውም።

በእንቅልፍ ምርመራ ክፍል የሚደረገው ሌላ ነው። ራስ ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች የአንጎል ሞገድ ይመዘገባል። ከዓይን አጠገብ የዓይን እንቅስቃሴ፣ አገጭ ላይ ደግሞ የጡንቻ ውጥረት ይያዛል። ከዚያም ሌሊቱ በ30 ሰከንድ ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል ይታያል። የእጅ ሰዓቶች ከዚህ ምርመራ ጋር ጎን ለጎን ሲፈተኑ ከጥናት ጥናት የሚገኘው ውጤት በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። የተኙበትን ደቂቃ ከ90 በመቶ በላይ ያገኙታል። የነቁበትን ደቂቃ ግን ብዙ ጊዜ ግማሹን ያህሉን ወይም ከዚያ ያነሰውን ብቻ ነው የሚይዙት።

የእርስዎን ሌሊት በቁጥር እንየው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት አልጋ ላይ ነበሩ እንበል፤ 480 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ 360ውን ተኙ፣ 120ውን ነቅተው አሳለፉ። ሰዓቱ እንቅልፍን 95 በመቶ፣ ንቃትን 40 በመቶ ይይዛል ብለን እናስብ። ከተኙበት 342 ደቂቃውን በትክክል «ተኝቷል» ይላል። ነቅተው ካሳለፉት ውስጥ ደግሞ 72ቱን እንቅልፍ ብሎ ይቆጥረዋል። ሲደመር 414 ደቂቃ፣ ማለትም 6 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ነው። በአንድ ሌሊት ወደ አንድ ሰዓት የሚጠጋ ያልተኙት እንቅልፍ ተጨመረልዎት።

በዚያው የእጅ ሰዓት ደግሞ ደህና የሚተኛ ሰው ይለካ። 480 ደቂቃ አልጋ ላይ ሆኖ 450ውን የተኛ ሰው ሰዓቱ ላይ የሚያየው 445 ደቂቃ ገደማ ነው። ልዩነቱ አምስት ደቂቃ ብቻ። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኸው ነው። መሣሪያው በደንብ የሚሠራው እንቅልፍ ለማይቸግረው ሰው ነው፤ ስህተቱ የሚሰፋው እንቅልፍ ባጣው ሰው ላይ ነው።

«ልገዛው ያሰብኩት መሣሪያ ማስታወቂያ ላይ ‹ከ90 በመቶ በላይ ትክክል› ይላል። ይህ በቂ አይደለም?»

አይደለም። አሁን ያልኩትን ደህና የሚተኛ ሰው ይውሰዱ። አንድ መሣሪያ ምንም ሳይለካ ሌሊቱን ሙሉ «ተኝቷል፣ ተኝቷል» ቢል ከ480 ደቂቃ 450ው ላይ ልክ ነው። 94 በመቶ ማለት ነው! መጠየቅ ያለበት «ንቃትን ምን ያህል ይይዛል?» ተብሎ ነው። ደግሞም «የተፈተነው በማን ላይ ነው?» ጤነኛ ወጣቶች ላይ ብቻ ከሆነ፣ እንቅልፍ ለሚያጣ ሰው ያ ቁጥር ብዙም አይነግረውም።

«52 ዓመቴ ነው። አፑ ጥልቅ እንቅልፌ 38 ደቂቃ ብቻ እንደሆነ እየነገረኝ ተጨንቄያለሁ። ውጤቱ እንዲሻሻል ቀደም ብዬ መተኛት ጀመርኩ፣ ግን ባሰብኝ።»

ቀደም ብለው መግባቱን ዛሬውኑ ይተዉት። የባሰብዎት በእሱ ነው። ሰውነት እንቅልፍ ሳይፈልግ አልጋ ላይ ሲቆዩ የሚረዝመው ነቅተው የሚያሳልፉት ጊዜ ነው፤ እንቅልፉም ይቆራረጣል። በ2017 አሜሪካ ውስጥ የእንቅልፍ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች ልክ እንደዚህ ያሉ ታካሚዎችን አይተው ለችግሩ «ኦርቶሶምኒያ» የሚል ስም ሰጡት። ፍጹም የእንቅልፍ ውጤት ፍለጋ ራሱ እንቅልፍ ሲነሳ ማለት ነው። ከታካሚዎቹ አንዷ በምርመራ ክፍል አድራ ጥልቅ እንቅልፍ መተኛቷ ተነግሯት እንኳ ከምርመራው ይልቅ የመሣሪያዋን ቁጥር ነበር የምታምነው።

ስለ 38 ደቂቃው ደግሞ ላስረዳዎት። ጥልቅ እንቅልፍ የሚለየው በአንጎል ላይ በሚታየው ትልቅና ዝግ ያለ ሞገድ ነው። ሰዓቱ ይህን ሞገድ ማየት አይችልም፤ ከልብ ምት ተነስቶ ይገምተዋል። የአንጎሉን ሞገድ ራሱን የሚያነቡ የሠለጠኑ ባለሙያዎች እንኳ ከአምስቱ አንዱን ያህል ክፍል በተለያየ መንገድ ይመድባሉ። ስለዚህ ከእጅ አንጓ ተነስቶ «38» ብሎ በደቂቃ መናገር ከአቅም በላይ መናገር ነው። አምራቹ አፑን ሲያድስ የስሌቱ መንገድ ስለሚቀየር፣ እርስዎ ምንም ሳይቀይሩ ቁጥሩ በአንድ ሌሊት ሊዘል ይችላል። በዚያ ላይ ጥልቅ እንቅልፍ ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ የሚሄድ ነገር ነው። በ52 ዓመት የ22 ዓመት ልጅን ያህል ባይኖር አያስደነግጥም።

ቁጥሩን ማየት ብቻውን ቀኑን ሊያበላሽ ይችላል። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት ላይ ተማሪዎች ሌሊት እንዴት እንደተኙ «ተለክቶ» ተነገራቸው። የተነገራቸው ነገር እውነት አልነበረም። ጥሩ ተኝታችኋል የተባሉት በትኩረት ፈተና ላይ መጥፎ ተኝታችኋል ከተባሉት የተሻለ ሠሩ። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት ያህል የአፑን ውጤት አይክፈቱት። ጠዋት ተነስተው ቀኑን ሳይፈዝዙና ሳያንቀላፉ የሚውሉ ከሆነ እንቅልፍዎ እየሠራ ነው።

«የማረጋጊያ አፕ በየወሩ እከፍላለሁ። የዝናብ ድምፅ፣ የትንፋሽ ልምምድ፣ ተረት አለው። ‹እንቅልፍ ማጣትን እንደሚፈውስ በሳይንስ ተረጋግጧል› ይላል። እውነት ነው?»

ሁለት ነገር ተደባልቋል፤ ማረጋጋትና መፈወስ።

ማረጋጋቱ እውነት ነው። ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት ዝቅ አድርጎ፣ አወጣጡን ከአገባቡ ማስረዘም የልብ ምትን ዝግ ያደርጋል። ይህንን ሰውነትዎ ላይ ራስዎ ያዩታል። ተረቱም ሐሳብዎን ከጭንቀት ያነሳልዎታል። ደስ ካልዎት ይቀጥሉበት። ግን ለትንፋሽ ልምምዱ ሲባል መክፈል አያስፈልግም፤ በነፃ የሚሠራ ነገር ነው።

«ተረጋግጧል» የሚለው ላይ ግን ጠንከር ብለው ይጠይቁ። ብዙዎቹ ጥናቶች አፑን የተጠቀሙትን የሚያወዳድሩት ምንም ሳይደረግላቸው ተራ ከሚጠብቁ ሰዎች ጋር ነው። አንዱ ወገን የሆነ እርዳታ አገኘሁ ብሎ ተስፋ አድርጓል፣ ሌላው አላገኘም። ከዚያ «እንዴት ተኛህ?» ሲባሉ ተስፋ ያደረገው የተሻለ መልስ ቢሰጥ ምን ይገርማል? አንድ አፕ «ድምፃችን ጥልቅ እንቅልፍ ይጨምራል» ካለ ደግሞ በምን እንደለካው ይዩ። የለካው በራሱ አፕ ከሆነ ማስረጃ አይባልም።

በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር ያህል የቆየ እንቅልፍ ማጣት ካለብዎት ጠንካራ ማስረጃ ያለው ሌላ መንገድ አለ። ለእንቅልፍ ማጣት የሚሰጠው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና ነው። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ከመድኃኒት በፊት መጀመሪያ እንዲሞከር ያለው ይህን ነው። በአፕ የሚሰጡም አሉ። ሶምሪስት የተባለው በ2020 ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ አግኝቷል። ስሊፒዮን ደግሞ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በ2022 ደግፎታል።

እነዚህ በባህሪያቸው ከዝናብ ድምፅ በጣም ይለያሉ፤ እንዲያውም መጀመሪያ ላይ ይከብዳሉ። ለምሳሌ ስምንት ሰዓት ተኩል አልጋ ላይ ቆይተው ስድስት ሰዓት ብቻ የሚተኙ ከሆነ፣ አልጋ ላይ የሚቆዩት ስድስት ሰዓት ብቻ እንዲሆን ይደረጋል። የመነሻ ሰዓቱ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነው። አልጋ ላይ ካሉበት ጊዜ 85 በመቶውንና ከዚያ በላይ ሲተኙ 15 ደቂቃ ይጨመርልዎታል፤ እንዲህ እያለ ይሄዳል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቀን ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ስለዚህ የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር ያለበት፣ እንዲሁም ሹፌርና አደገኛ ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ያለ ሐኪም አይጀምረው።

አንድ ነገር አደራ። ያንን ስድስት ሰዓት ከእጅ ሰዓትዎ አይውሰዱት። ላይ እንዳየነው አንድ ሰዓት ያህል ሊጨምርበት ይችላል፣ ስሌቱም ከመነሻው ይበላሻል። ሕክምናው የሚጠቀመው በየጠዋቱ በእጅ የሚጻፍ የእንቅልፍ ማስታወሻ ነው፤ መቼ ገባሁ፣ በግምት መቼ ተኛሁ፣ ስንቴ ነቃሁ፣ መቼ ተነሳሁ።

«ባለቤቴ በጣም ያንኮራፋል። አንዳንዴ ትንፋሹ ጸጥ ይልና በድንገት ያቃስታል። ሰዓቱ ላይ የትንፋሽ መቋረጥን የሚያስጠነቅቅ ነገር አለ፣ እስካሁን ግን ምንም አላለም። ልረጋጋ?»

አይረጋጉ፤ ሐኪም ጋ ይውሰዷቸው። እርስዎ በዓይንዎ ያዩት ነገር ከሰዓቱ ዝምታ ይበልጣል።

በ2024 ሳምሰንግና አፕል ይህን ማስጠንቀቂያ ሰዓታቸው ላይ እንዲያደርጉ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቅዷል። ፈቃዱ የተሰጠው ግን ሰዎችን ወደ ምርመራ ለመጠቆም ነው፤ በሽታ የለም ብሎ ለማረጋገጥ አይደለም። የአፕሉ በተፈተነበት ጊዜ መካከለኛና ከባድ የትንፋሽ መቋረጥ ካለባቸው ሰዎች የጠቆመው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነበር። ሌሎቹን አልፏቸዋል። ችግሩ የሌለባቸውን ግን በስህተት የጠቆመው በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ካስጠነቀቀ በቁም ነገር ይያዙት። ዝም ካለ ግን ምንም አልነገረዎትም።

ሐኪም ጋ ሲሄዱ እነዚህን ይዘው ይሂዱ፦ ትንፋሻቸው ስንት ሰከንድ ያህል እንደሚቆም፣ ቀን ላይ ተቀምጠው ያንቀላፉ እንደሆነ፣ ጠዋት ራሳቸውን ያማቸው እንደሆነ፣ የደም ግፊት ካለባቸውም እሱን። አፑ የማንኮራፋት ድምፅ የሚቀዳ ከሆነ ያችን የጸጥታና የማቃሰት ቦታ አውጥተው ለሐኪሙ ያሰሙ። ምርመራው እስኪደረግ ድረስ የሚያንቀላፉ ከሆነ መኪና አይንዱ። የእንቅልፍ ኪኒንና መጠጥም ማታ ማታ ይቅርባቸው፤ የጉሮሮን ጡንቻ አላልተው መቋረጡን ሊያብሱት ይችላሉ።